ከ1,400 ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ «የሐይቁን ጀልባ» ማግኘት

«ደሴ ትንሽ ቪዲዮ ቤት አለኝ፣ ከአባቴ የተረከብኩት። ሠርግ፣ ወዳጃ፣ የሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ፣ የሐይቅና የላሊበላ ቀረጻ፣ ሁሉም ተደማምሮ 1,400 ሰዓት ገደማ በአራት ሃርድ ዲስክ ተቀምጧል። ሰው መጥቶ እኚያ ሽማግሌ ስለ ሐይቁ ጀልባ ያወሩበትን ስጪኝ ሲለኝ ፋይል ስከፍት ስዘጋ ይነጋል። በተናገሩት ቃል ወይም በሚታየው ነገር መፈለግ ይቻላል? ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር አለኝ። ኢንተርኔት ላይ መጫን ግን አልፈልግም።»

ይቻላል እህቴ። ሁሉም እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ያልቃል፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልግሽ ፕሮግራሞቹን አንዴ ለማውረድ ብቻ ነው። ግን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ቦታ መጀመሪያ ልንገርሽ። አብዛኛው ሰው ትልቁ ሥራ ንግግሩን ወደ ጽሑፍ መቀየር ይመስለዋል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ መፈለጊያ ሳጥን ላይ ቃሉን ጽፎ ማግኘት ቀላል ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ እውነት ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ግን ጽሑፉ ወጥቶም ፍለጋው ባዶ እጅሽን ይመልስሻል። እኔም የመጀመሪያውን የሠራሁ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽኑን አስሠርቼ «ደሴ» ብዬ ስፈልግ አንድም ውጤት አልመጣም። ደሴ ውስጥ በተቀረጸ ቪዲዮ! ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከድምፁ እንጀምር። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ድምፁን ብቻ ለይተሽ ታወጪያለሽ፣ በ16,000 ኸርዝ፣ በአንድ ቻናል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት ፕሮግራሞች፣ ሞዴል የሚባሉት፣ የሚፈልጉት ይህንን ነው። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ሰው በደንብ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ቃለ መጠይቅ ስትቀርጪ የደረት ማይክ በግራ ቻናል፣ የካሜራው ማይክ በቀኝ ቻናል ይገባ የለ? ድምፁን የሚያወጣልሽን ፕሮግራም፣ `ffmpeg`ን፣ ዝም ብለሽ «አንድ ቻናል አድርግልኝ» ብትይው ሁለቱን ያደባልቅልሻል። የሽማግሌው ጥርት ያለ ድምፅ ከጓሮው ዶሮና ከመንገዱ ባጃጅ ጋር አብሮ ይፈላል። ሞዴሉም ያንን ሰምቶ ይዘባርቃል። ስለዚህ ጥሩውን ቻናል ብቻ ውሰጂ፦

```
ffmpeg -i A012.MP4 -vn -af "pan=mono|c0=c0" -ar 16000 -sample_fmt s16 A012.flac
```

`c0=c0` ማለት የግራውን ውሰድ ማለት ነው። የደረት ማይኩ በቀኝ ከሆነ `c0=c1` በይው። የትኛው እንደሆነ ሠላሳ ሰከንድ በጆሮ ማዳመጫ ብትሰሚ ታውቂዋለሽ። ፍላክ ያልኩሽ ደግሞ ለቦታ ነው። ያልታመቀ ዌቭ ብታደርጊው በሰዓት 115 ሜጋባይት ይወስዳል፣ 1,400 ሰዓቱ 160 ጊጋባይት ይሆናል። ፍላክ ድምፁን ሳይጎዳ ከዚያ በጣም ያሳንሰዋል።

ቀጥሎ ድምፁን ሰው የሚናገርበትን ከዝምታው በሚለይ መሣሪያ ከፋፍይው። ሲሌሮ የሚባለው በነፃ ይገኛል፣ ቀላልም ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከ30 ሰከንድ አይብለጥ፣ መነሻና መድረሻ ሰዓቱም አብሮት ይመዝገብ። ይህን እርምጃ መዝለል የለብሽም። ዊስፐር የሚባለው ሞዴል ዝምታ ወይም ከበሮ ብቻ ሲሰማ ዝም አይልም፣ ከራሱ ይፈጥራል። መንዙማ ላይ ሞክሪው፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ደጋግሞ ሲጽፍልሽ ታያለሽ። ምልክቱም ያ ነው። ተመሳሳይ መስመር ተከታትሎ ከመጣ፣ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማንም ሊናገረው የማይችል ረጅም ጽሑፍ ከወጣ፣ ያ ቁራጭ ከኢንዴክሱ፣ ማለትም ከመፈለጊያ መዝገቡ፣ ይውጣ። መንዙማና ዜማ በጽሑፍ ይፈለጋል ብለሽ አትጠብቂ። እነዚያን ፋይሎች በእጅሽ በርዕስ መዝግቢያቸው፣ ሰዓቱ ለሚናገሩት ሰዎች ይዋል። ከሚሴ የተቀረጸ ኦሮምኛ ካለሽም ለብቻው ለይተሽ አስቀምጪ። የአማርኛ ሞዴል ኦሮምኛን ሲሰማ በአማርኛ ፊደል ትርጉም የሌለው ነገር ይጽፍና ፍለጋሽን ያቆሽሸዋል።

ሞዴሉን በተመለከተ። ዊስፐር በ2022 ሲለቀቅ አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ አለ ተብሎ ብዙ ሰው ተደሰተ። አሠሪዎቹ ራሳቸው ባወጡት ውጤት ግን የአማርኛው የቃል ስህተት ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ከመቶ በላይ እንዴት ይሆናል ካልሽኝ፣ ሞዴሉ ያልተነገረ ቃል ሲጨምር ያም እንደ ስህተት ስለሚቆጠር ነው። ስለዚህ እንዳለ የተለቀቀውን አትውሰጂ። ሰዎች በአማርኛ ድምፅ ተጨማሪ ያሠለጠኑትን ፈልገሽ ሞክሪ። ሌላው ሜታ በ2023 የለቀቀው `facebook/mms-1b-all` ነው፣ ቋንቋውን `amh` ብለሽ ትመርጪለታለሽ። የሰማውን ድምፅ ተከትሎ ስለሚጽፍ እንደ ዊስፐር ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይፈጥርም፣ ይህንን እወድለታለሁ። ግን ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ ብዙውን የተማረው ከአዲስ ኪዳን ንባብ ነው፣ ስለዚህ ቡና ላይ የሚወራ የወሎ ጨዋታ ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ለንግድ ሥራ አይፈቅድም። አንቺ ደግሞ ሱቅ ነው ያለሽ። የዊስፐር ፈቃድ ክፍት ነው፣ ሰዎች ያሻሻሏቸውን ግን አንድ በአንድ እያየሽ ውሰጂ።

የትኛውንም ብትመርጪ ጽሑፉ ስህተት ይኖረዋል። ይህንን ተቀብለሽ ጀምሪ። ለትርጉም ጽሑፍ የማይሆን ውጤት ለፍለጋ በደንብ ሊያገለግል ይችላል፣ ኢንዴክሱ በትክክል ከተሠራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሽማግሌው ያሉት ይሄ ነው እንበል፦ «በሐይቁ ጀልባ ነበር የምንሻገረው»። ሞዴሉ የጻፈው ደግሞ፦ «በሃይቅ ጀልባ ነበረ የምን ሻገረው»። ለሰው ልጅ ዓይን አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን «ሐይቁ» እና «ሃይቅ» የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ፊደል ሐመሩ ሐ ነው ወይስ ሃሌታው ሃ? መጨረሻው ቁ ነው ወይስ ቅ? በዚያ ላይ ከፊቱ «በ» ተለጥፎበታል፣ «የምንሻገረው» ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቋል። አንቺ «ሐይቅ» ብለሽ ብትፈልጊ ይህን ቁራጭ አታገኚውም። በእንግሊዝኛ ቃል ከቃል በክፍተት ይለያል፣ አማርኛ ግን «በ»ውን፣ «የ»ውን፣ «ስለ»ውን ከፊት፣ «ን»ንና «ም»ን ከኋላ እያሰረ ነው የሚሄድ። ብዙ ቁጥር ሲመጣ ደግሞ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል፣ ሙሽራ ሙሽሮች ይሆናል።

መፍትሔው የቃሉን አጥንት ማውጣት ነው። እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግዕዙ መልሺው፣ ማለትም ቁም ቅም ቃም ሁሉም ቀ ይሁኑ። ሐ፣ ኀ፣ ኸ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይግቡ። ክፍተቱንና ነጥቡን ሁሉ አጥፊው። ከላይ ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በዚህ ብታሳልፊያቸው ሁለቱም «በሀየቀጀለበነበረየመነሸገረወ» ይሆናሉ። ፊደል በፊደል ቁጠሪያቸው፣ አንድ ናቸው። የሞዴሉ ስህተት፣ የአጻጻፍ ልዩነቱ፣ የተሰነጠቀው ቃል፣ ሁሉም በአንዴ ጠፋ። ሞዴሎቹ ብዙ ጊዜ የሚስቱት አናባቢውን ስለሆነ ነው ይህ የሚሠራው።

ኮዱ አጭር ነው። የኮምፒውተሩ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ተነባቢ ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው፣ የፊደሉን ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ትራፊውን መቀነስ ግዕዙን ያመጣዋል፦

```python
SAME = str.maketrans("ሐኀኸሠዐፀቈኈኰዀጐ",
                     "ሀሀሀሰአጸቀሀከሀገ")

def atint(t):
    out = []
    for c in t:
        n = ord(c)
        if 0x1200 <= n <= 0x1357:
            out.append(chr(n - n % 8))
    return "".join(out).translate(SAME)
```

የመጨረሻዎቹ አምስቱ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ዀ፣ ጐ ናቸው። ቋንቋ፣ ኳስና ጓሮ የሚሉትን ይይዙልሻል፣ በሰንጠረዡ ላይ የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻ መጥራት ያስፈልጋል።

ማስቀመጫው ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ይብቃሽ። አንድ ፋይል ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም። በውስጡ ጽሑፍን በሦስት በሦስት ፊደል ቆራርጦ የሚያስቀምጥ መንገድ አለው፦

```sql
CREATE VIRTUAL TABLE ngr USING fts5(
  clip UNINDEXED, start UNINDEXED, txt UNINDEXED,
  atint, tokenize='trigram');
```

`txt` ላይ ሞዴሉ የጻፈው እንዳለ ይቀመጣል፣ አንቺ የምታነቢው ነው። `atint` ላይ አጥንቱ ይገባል፣ የሚፈለገው እሱ ብቻ ነው። ስትፈልጊም የጻፍሽውን ቃል በዚያው ኮድ አሳልፈሽ ነው የምትጠይቂው። አንድ ሐረግ ሁለት ቁራጭ መሀል እንዳይቆረጥብሽ ደግሞ የእያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚቀጥለውን ቁራጭ የመጀመሪያ አምስት ስድስት ቃላት ጨምሪበት።

አሁን «ደሴ» ለምን እንደጠፋችብኝ ልንገርሽ። በሦስት በሦስት ፊደል የተቆረጠ ኢንዴክስ ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል ሲጠየቅ ምንም አይመልስም፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግርሽም። ደሴ ሁለት ፊደል ናት። ጦሳም፣ ወሎም፣ ቡናም፣ ውሃም እንዲሁ። በእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ የዕለት ተዕለት ቃሎቻችን በፊደል ቁጥር አጫጭር ናቸው። ስለዚህ ሁለት ፊደል ሲሆን በ`LIKE` ሙሉውን ሠንጠረዥ እንዲያነብ አድርጊ። ሰው በደቂቃ መቶ ቃል ያህል ቢናገር እንኳ የ1,400 ሰዓት ጽሑፍሽ ከመቶ ሃምሳ ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፣ ያን ማንበብ ለዛሬ ኮምፒውተር ቀላል ነው።

ይህን አስተካክዬ እንደገና «ደሴ» ብዬ ፈለግሁ። አሁን ደግሞ ውጤቱ ጎርፍ ሆነ። አጥንቱ «ደሰ» ነዋ። «ደስ ይላል» ያለ ሰው ሁሉ መጣ፣ «ድስት» ያለች እናትም መጣች። ቤትና ቦታም ሁለቱም «በተ» ናቸው። አጥንት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፣ አጭር ቃል ላይ ይበዛል። ስለዚህ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሁለተኛ ማጣሪያ ያስፈልጋል፦ `txt` ውስጥ የጻፍሽው ቃል ከነአናባቢው ካለ ከላይ ይቀመጥ፣ የአጥንት ዝምድና ብቻ ያለው ከታች ይሰለፍ። የታችኛውን አትጣይው፣ ሞዴሉ አናባቢ የሳተበት ትክክለኛ ክሊፕ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥንትም አያድነውም፣ ተነባቢው ራሱ ሲሳት ነው። ቀ እንደ ከ፣ ጠ እንደ ተ ሊሰማ ይችላል፣ በተለይ ማይኩ ሩቅ ከሆነ። «ሀየቀጀለበ» አራት የሦስት ፊደል ቁራጮች አሉት፦ ሀየቀ፣ የቀጀ፣ ቀጀለ፣ ጀለበ። ቀ ብቻ ከተሳተ ሦስቱ ይሰበራሉ፣ ጀለበ ብቻዋን ትቀራለች። እንግዲህ ውጤት ስታጪ ቁራጮቹን በ`OR` አገናኝተሽ ጠይቂ፣ ብዙ የተመሳሰለለት ከላይ እንዲመጣ `ORDER BY rank` በይ። ሐረጉ ሲረዝም የሚተርፉት ቁራጮች ይበዛሉ፣ ስለዚህ ደንበኛሽ «ምን ነበር ያሉት?» ሲባል አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን አንድ ሐረግ እንዲነግርሽ ጠይቂው። ቀንና ከን፣ ጠንና ተን አንድ ላድርጋቸው ብለሽ ግን አትሞክሪ፣ እኔ ሞክሬው ውጤቱ የማይነበብ ሆነብኝ።

1,400 ሰዓቱን ከመጀመርሽ በፊት ፈተና አድርጊ። የምታውቂያቸውን ሁለት ሦስት ቃለ መጠይቆች ውሰጂና ሞዴሉ የጻፈውን ሳታዪ፣ በጆሮሽ እየሰማሽ ሃያ ሐረግ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ ሃያዎቹንም ፈልጊ። ስንቱ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች ውስጥ ገባ? ሁለት ሞዴል የምታወዳድሪው በዚህ ቁጥር ነው። ጽሑፉ ቆንጆ መስሎ መታየቱ አያታልልሽ፣ ያሻሻሉት ዊስፐር ያማረ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያልተባለ ነገር ሊሆን ይችላል። በዚያው አጋጣሚ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ስንት ደቂቃ እንደወሰደበት ለኪ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ከፈጀ ሁሉም 280 ሰዓት ነው፣ ሌት ተቀን አሥራ ሁለት ቀን ገደማ። መብራት ደግሞ በመሀል መሄዱ አይቀርም። እያንዳንዱ ፋይል ሲያልቅ «አልቋል» ብሎ እንዲመዘግብና ሲነሳ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገሽ ጻፊው፣ አለዚያ ከሀ ትጀምሪያለሽ።

የምስሉ በኩል ከዚህ ይቀላል። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፍሬም አውጪ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱን ክሊፕ በሚባለው፣ ኦፕንኤአይ በ2021 በለቀቀው ሞዴል አሳልፊው (ስሙ ከቪዲዮ ክሊፕ ጋር ገጠመ እንጂ ሌላ ነገር ነው፣ `CLIP` ተብሎ ይጻፋል)። ሞዴሉ ምስሉን ወደ 512 ቁጥሮች ይቀይረዋል፣ ጽሑፍንም እንዲሁ፣ እና የሚቀራረቡትን ታወዳድሪያለሽ። አንድ ሚሊዮኑ ፍሬም በግማሽ ትክክለኛነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ባይት፣ ቢቀመጥ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው። ለዚህ ልዩ ዳታቤዝ ግዢ ወይም ጫኚ የሚልሽን አትስሚ፣ ነምፓይ በሚባለው የፓይተን መሣሪያ ሙሉውን ማወዳደር ይበቃል። ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ሰው ሰዓት ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ስለሚውል ከፊተኛው ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ፍሬም ጣይው፣ ብዛቱ በጣም ይቀንሳል።

ችግሩ ሞዴሉ የእኛን ዕቃ በስም አለማወቁ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፣ «ጀበና» ብትይው ምንም አይገባውም፣ በእንግሊዝኛ «ጥቁር የሸክላ ማንቆርቆሪያ» ብለሽ ብትገልጪለት ግን ይቀርባል። እኔ የማደርገው ከዚያ የተሻለ ነው። ካለሽ ቪዲዮ ውስጥ ጀበናው ጎልቶ የሚታይበትን አንድ ፍሬም ቁረጪና በእሱ ምስል ፈልጊ። ምስል ከምስል ሲወዳደር ስም አያስፈልግም። የጀበና፣ የከበሮ፣ የመስቀል፣ የጀልባ፣ የሙሽራ ልብስ እያልሽ ሠላሳ አርባ እንዲህ ያሉ ናሙና ምስሎች በአማርኛ ስማቸው አስቀምጪ፣ የምስል መዝገበ ቃላትሽ እነሱ ናቸው። አንድ ወሰን አለው፦ ሞዴሉ ፍሬሙን ወደ 224 በ224 ነጥብ አሳንሶ ስለሚያይ ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ጀበና ይጠፋበታል። ትንንሽ ዕቃ በጣም የምትፈልጊ ከሆነ ፍሬሙን ለአራት ቆርጠሽ አሳልፊው፣ ሥራውና ቦታው ግን በአራት እጥፍ ይጨምራል።

የንግግሩንና የምስሉን ውጤት አንድ ላይ አታጣምሪያቸው። ሽማግሌው ስለ ጀልባው የሚያወሩት ቤታቸው መደብ ላይ ቁጭ ብለው ነው። ጀልባው ራሱ ያለው በሌላ ቀን ሐይቅ ወርደሽ በቀረጽሽው ላይ ነው። «ሁለቱም ያሉበትን አምጣ» ካልሽው አንዱንም አታገኚም። በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን እዪያቸው፣ ደንበኛውም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሁለቱንም ነው፣ ድምፁን ከአንዱ፣ ምስሉን ከሌላው።

የፋይሎቹን አድራሻ ስትመዘግቢ በ`E:` ወይም በ`F:` አትመዝግቢ። ሃርድ ዲስኩን ነቅለሽ ስትሰኪው ፊደሉ ይቀየራል፣ ኢንዴክሱም ሁሉንም ፋይል ጠፋ ይልሻል። ለእያንዳንዱ ዲስክ ስም ስጪው፣ ያንኑ ስም በማርከር ጀርባው ላይ ጻፊበት፣ ኢንዴክሱም የዲስኩን ስምና ከዚያ ወዲህ ያለውን የፎልደር መንገድ ብቻ ይያዝ። ያኔ ውጤቱ «ዲስክ ሦስት፣ ሐይቅ፣ A012፣ 41 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ» ብሎ ሲመጣልሽ የትኛውን ከመደርደሪያ እንደምታነሺ ታውቂያለሽ። `mpv` በሚባለው ማጫወቻ ስትከፍቺው ከአምስት ሰከንድ ቀደም ብለሽ ጀምሪ፣ የቁራጩ መነሻ አንዳንዴ የመጀመሪያውን ቃል ይበላዋል፦

```
mpv --start=00:41:07 A012.MP4
```